በዲቪ ፎቶ ላይ «ኤዲት» የሚባለው ምንድን ነው?

«ኤዲት አይደለም፣ ትንሽ ተስተካክሎ ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው እያሳሳተ ነው። ብዙዎች ኤዲት ሲባል የሌላ ሰው ፊት መለጠፍ ይመስላቸዋል። ፎቶ ቤቱ ቆዳቸውን ሲያለሰልስ፣ መልካቸውን ሲያፈካ ወይም ኮት ሲያለብሳቸው ግን «ማስተካከል» ይሉታል። የዲቪ መመሪያ እንዲህ ያለ ልዩነት አያደርግም። በማንኛውም መንገድ የተነካካ ፎቶ ማመልከቻውን ውድቅ ያደርጋል። ባለፈው ዓመት የገባውን ፎቶ መልሶ ማስገባትም እንዲሁ።

ጉርድ ፎቶን እንደ ጣት አሻራ አስቡት። አሻራው የተነሳበትን ወረቀት ዳር መቁረጥ ምንም አይደለም፤ በፎቶም መከርከም፣ መጠን መቀነስና ፋይሉን ማሳነስ ይፈቀዳል። በፍላሽ የቀላ ዓይንን ማስተካከልም ችግር የለውም። መስመሮቹን «እንዲያምሩ» ብሎ በእስክሪብቶ መቀጠል ግን አሻራውን ያበላሸዋል። በፊት ላይ ደግሞ መስመሮቹ ማርያም ስሞሽ፣ ጠባሳ፣ የግንባር ንቅሳት፣ የመንጋጋ ቅርጽና የቆዳ ቀለም ናቸው። የእናቶችን የግንባር መስቀል ንቅሳት አጥፍቶ የሚያስረክብ ፎቶ ቤት ሊለዩበት የሚችሉትን ምልክት ነው ያጠፋው። መነጽርም እንዲሁ ነው፤ ከኖቬምበር 2016 ጀምሮ በአሜሪካ ቪዛ ፎቶ ላይ አይፈቀድም፣ መውለቅ ያለበት ግን ከመነሳት በፊት እንጂ በኮምፒውተር አይደለም። ሜካፕና ጺም ግን፣ ማንነትን እስካልሸፈኑ ድረስ፣ ኤዲት አይደሉም።

ማንም ኤዲት ብሎ የማይቆጥረው፣ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ፣ ፎቶውን መለጠጥ ነው። ዲቪ የሚፈልገው አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ፎቶ ነው፤ 600 በ600 ፒክስል ይበቃል፣ ፋይሉም ከ240 ኪሎባይት መብለጥ የለበትም። ሰው 35 በ45 ሚሊ ሜትር የሆነውን የፓስፖርት ጉርድ ይዞ ይመጣል፣ ባለሙያውም ወደ 600 በ600 ይጎትተዋል። ስፋቱ 35 የነበረው 45 ሲሆን ፊቱ 29 በመቶ ገደማ ሰፋ ማለት ነው። ጉንጭ ይሰፋል፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀት ይጨምራል። ይህ አሻራን በላስቲክ ላይ አትሞ እንደመጎተት ነው።

«እንግዲያው ከላይና ከታች ቆርጠን 35 በ35 እናድርገው» ቢባልም አያዋጣም። በዚያ ጉርድ ላይ ጭንቅላቱ ከአገጭ እስከ አናት 32 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የአዲሱን ፎቶ ቁመት 91 በመቶ ይይዛል። የሚፈቀደው ከ50 እስከ 69 በመቶ ነው፣ ማለትም ከ600 ፒክስል ውስጥ ከ300 እስከ 414። በግራና ቀኝ ነጭ መጨመር ደግሞ ራሱ ኤዲት ነው። ያለው መንገድ ያልተቆረጠውን የካሜራ ፋይል መጠየቅ ነው፤ እሱም ከስድስት ወር በላይ ከሆነው እንደገና መነሳት ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ሲስተሙ ከተቀበለው ምን ችግር አለው?» ብሎ ጽፏል። ፎቶው ሲጫን ሲስተሙ የሚያጣራው በዋናነት የፋይሉን ዓይነትና መጠን ነው። በፎቶው ላይ የሚወስነው ቆንስላው ነው፤ ያውም አመልካቹ ከተመረጠና 330 ዶላር የማይመለስ የቪዛ ክፍያ ከከፈለ በኋላ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ። የዲቪ ማመልከቻ ከገባ በኋላ ደግሞ ፎቶ አይቀየርም፣ ሁለተኛ መሙላትም ሁሉንም ያሰርዛል። በተራ የጉብኝት ቪዛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ፎቶ አምጡ ይባላል። ሁለቱን ማደባለቅ ነው ሰውን የሚያዘናጋው።

ከሰውየው በስተኋላ የሚታየውን ጀርባ መቁረጥም የሚጀምረው ከጥላ ነው። ሰው ግድግዳ ተደግፎ በፍላሽ ሲነሳ ከጆሮው ኋላ ጥቁር ጥላ ይወጣል፣ ፎቶ ቤቱም ጀርባውን ቆርጦ ነጭ ይተካል። ፎቶውን 200 በመቶ አጉልታችሁ እዩት፤ ጎፈሬው በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፣ የጆሮ ጫፍ ይጎድላል፣ በትከሻ ዙሪያ ቀጭን ብርሃን ይቀራል። የቆዳው ቀዳዳ ጨርሶ ካልታየ ወይም አንገቱና ፊቱ ሁለት ቀለም ከሆኑ ደግሞ ቆዳው ተነክቷል። ጥላው እንዳይመጣ ከነጩ ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ራቁ፣ ፍላሹን አጥፉ፣ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ከመስኮት ይምጣ። ፎቶውን ሌላ ሰው ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ በስልኩ የኋላ ካሜራ ያንሳላችሁ። ከማንሳቱ በፊት ግን የስልኩን ቅንብር ከፍታችሁ የማስዋቢያውን ሞድ ዜሮ አድርጉት፤ በብዙ ስልኮች ላይ ማንም ሳይነካው በርቶ ስለሚገኝ ፎቶው ገና ሲነሳ ለስልሶ ይወጣል።