ከአዳራሽ ወደ ዙም፦ ስለ ገለጻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። በየሩብ ዓመቱ በአዳራሽ በፕሮጀክተር ሲቀርብ የነበረው የ12 ወረዳዎች የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ዘንድሮ በዙም ሊቀርብ ነው። አቅራቢው አዲስ አበባ ቢሮው ውስጥ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጧል። ከ25ቱ ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ዞንና ወረዳ ሆነው በስልካቸው፣ በሞባይል ዳታ ይከታተላሉ።

«ስላይዱ ተሠርቶ አልቋል፤ ስክሪን ሼር ማድረግ ብቻ ነው የቀረኝ»

መጀመሪያ ልኬቱን እንይ። ፓወር ፖይንት በተለመደው 16 በ9 ቅርጽ የሚከፍተው ስላይድ ቁመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ነው። 6.5 ኢንች የሆነ ስልክ አግድም ሲያዝ የስክሪኑ ቁመት ከ6.8 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ስላይዱ ወደ ሲሶው ተጠጋ ማለት ነው። በ18 ፎንት የጻፉት ተሳታፊው እጅ ላይ ሲደርስ 6 ተኩል ገደማ ይሆናል፤ በ28 የጻፉት ደግሞ 10 ይሆናል፣ ይህም የጋዜጣ ፊደል ያህል ነው። ስልኩን አቁሞ የያዘ ሰው ዘንድ ደግሞ ስላይዱ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። እዚያ 28ቱ ራሱ 5 ተኩል ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም የፊደላችን ልዩነት ያለው በትንንሽ ቅጥያዎች ላይ ነው። «በ» እና «ቡ»፣ «ለ» እና «ሉ» የሚለዩት በጎን በወጣች አንዲት ጭረት ነው። ኔትወርክ ሲደክም ዙም ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ መጀመሪያ የሚጠፉትም እነዚያ ጭረቶች ናቸው። በአረፍተ ነገር ውስጥ አንባቢው በግምት ያልፈዋል፤ በወረዳ ስምና በሰንጠረዥ ላይ ግን ግምት አያዋጣም።

ስለዚህ ከ28 በታች ምንም አይጻፍ፤ ርዕስ 36 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ቀጭን ፎንት ከሆነ ደመቅ ያድርጉት። ለመፈተሽ አንድ ስላይድ በምስል መልክ አውጥተው በቴሌግራም ለራስዎ ይላኩና በስልክዎ ይክፈቱት። ለማንበብ በሁለት ጣት ማስፋት ካስፈለገዎ ተሳታፊውም ያስፈልገዋል፤ እሱ እስኪያሰፋ እርስዎ ቀጣዩን ስላይድ ጀምረዋል።

አሁን ወደ ሪፖርቱ ዋና ስላይድ እንምጣ። 12 ረድፍና 6 ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ ወረዳ፣ የዓመት እቅድ፣ የሩብ ዓመት እቅድ፣ ክንውን፣ በመቶ፣ ምርመራ። ለማጣበብ ሲባል በ14 ፎንት ተጽፏል፤ ስልክ ላይ 5 ነው። አዳራሽ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠው ሰው አንገቱን አስግጎ ያነበው ነበር፣ ካልሆነለትም የጎኑን ይጠይቃል። እዚህ የጎን ሰው የለም።

ሰንጠረዡን በሁለት ስላይድ ይተኩት። የመጀመሪያው ርዕሱ ራሱ ውጤቱን ይናገር፦ «ከ12ቱ ወረዳዎች 9ኙ እቅዳቸውን አሳክተዋል»። ከሥሩ የቀሩት ሦስት ወረዳዎች ብቻ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ወፍራም አሞሌና በአንድ የመቶኛ ቁጥር ይቀመጡ። ሁለተኛው ስላይድ የሦስቱን ምክንያት በሦስት አጭር መስመር ይያዝ። ሙሉው ሰንጠረዥ አይጠፋም፤ በፒዲኤፍ ሆኖ ከስብሰባው አንድ ቀን በፊት በቴሌግራም ግሩፑ ይላካል። የራሱን ወረዳ ቁጥር ማየት የፈለገ እዚያ ያየዋል፤ ስህተት ካገኘም ከስብሰባው በፊት ይነግርዎታል፣ ይህም በስብሰባው መሀል ከመከራከር ያድናል።

«ኔትወርኬ ጥሩ ስለሆነ አኒሜሽኑ ችግር የለውም»

የእርስዎ ጥሩ መሆን ግማሹ ነው። ስክሪን ሼር ላይ የቆመ ስላይድ ብዙም ዳታ አይወስድም፤ አንድ ጊዜ ከደረሰ ደረሰ። ጽሑፍ እየበረረ ሲገባ ወይም ስላይዱ እየደበዘዘ ሲቀየር ግን ስክሪኑ በሙሉ በየቅጽበቱ ስለሚለወጥ ያ ሁሉ መላክ አለበት። ደካማ መስመር ላይ ያለ ሰው የሚያየው የተቆራረጠ፣ አንዳንዴም ግማሹ የቀረ ምስል ነው። እርስዎ ጋ ግን ሁሉም ነገር ልስልስ ብሎ ያልፋል፤ ስህተቱ የማይታወቀውም ለዚህ ነው።

ነጥቦችን አንድ በአንድ ማውጣት ከፈለጉ ስላይዱን በ`Ctrl+D` ያባዙና በእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ነጥብ ይጨምሩ። ተመልካቹ ዘንድ ያው ነው፣ የሚንቀሳቀስ ግን የለም። ሌላው ጠቃሚ ልማድ ስላይድ ከቀየሩ በኋላ ሁለት ሦስት ሰከንድ መታገስ ነው፤ ብዙ ጊዜ ድምፅ ቀድሞ ምስል ይከተላል። «ይህ ቀዩ አሞሌ» ሲሉ ተሳታፊው ገና ያለፈውን ስላይድ እያየ ሊሆን ይችላል። «ይህ» የሚለው ቃልም በዙም ጣት የለውም። የመዳፊቷ ቀስት ስልክ ላይ ነጥብ ስለምታክል «ከላይ ሁለተኛው፣ ቀዩ አሞሌ» ብሎ በቃል መጠቆም ይሻላል።

«ሙሉ ስክሪኔን ሼር ካደረግኩ አልሳሳትም»

የሚሳሳቱት እንዲያውም እዚህ ነው። ሙሉ ስክሪን ሼር ሲደረግ የሚመጣው የቴሌግራም መልእክት፣ የተከፈተው ኢሜይል፣ የፋይሎቹ ስም ሁሉ አብሮ ይታያል። ከዚያም በላይ ስላይዱ መላ ስክሪኑን ስለሚይዝ አቅራቢው ቻቱንም የሰዎቹንም ዝርዝር ማየት ያቅተዋል፤ ራሱን በራሱ ያሳውራል።

በአንድ ላፕቶፕ ብቻ ሲሠሩ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ፓወር ፖይንት ላይ `View` ውስጥ `Reading View` ይምረጡ፤ ስላይዱ መላ ስክሪኑን ሳይወስድ በራሱ መስኮት ውስጥ ይከፈታል። መስኮቱን የስክሪኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ያድርጉት። ከዚያ ዙም ላይ `Share Screen` ብለው ያን መስኮት ብቻ ይምረጡ። በቀረው ቦታ ላይ ቻቱን ከፍተው ያስቀምጡ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡት፤ ስላይዱ የሚሠራበትን የማረሚያ ገጽ አስቀድሞ ሼር አድርጎ ከዚያ `F5` የሚጫን ሰው ብዙ ጊዜ ስላይዱ በሌላ መስኮት ስለሚከፈት ተሳታፊዎቹ ማረሚያውን ገጽ እያዩ ይቀራሉ።

ምን እንደሚታይ ለማወቅ «ይታያል?» እያሉ 25 ሰው ከመጠየቅ በስልክዎ እንደ ሁለተኛ ተሳታፊ ይግቡ። የስልኩን ማይክም ድምፅም ይዝጉ፤ ካልተዘጋ ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ይጮኻሉ። ስልኩ ከላፕቶፑ አጠገብ ይቀመጥ፣ የሚችል ከሆነም በሞባይል ዳታ ይሁን። ወረዳ ያለው ሰው የሚያየውን ደብዛዛነትም መዘግየትም በዓይንዎ ያያሉ።

«ዝም ካሉ ገብቷቸዋል ማለት ነው»

አዳራሽ ውስጥ የሚጠወልግ ፊት፣ የሚነቀነቅ ራስ፣ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነበር። ዙም ላይ የተዘጋ ማይክና ጥቁር ሳጥን ነው ያለው፤ የገባው፣ ያልገባው፣ መስመሩ የተቆረጠበትና ቡና ሊያፈላ የወጣው ሁሉም አንድ ዓይነት ዝም ይላሉ። «ጥያቄ አለ?» ብሎ መጠየቅም ለውጥ አያመጣም። ማይክ ለመክፈት ጥቂት ሰከንድ ይሄዳል፣ ድምፁ እስኪደርስም እንዲሁ። ያ ሁሉ ሳይሆን አቅራቢው ሦስት ሰከንድ ጠብቆ «እሺ፣ እንቀጥል» ይላል።

ስለዚህ ምላሹን ገለጻው ውስጥ አስቀድሞ መትከል ያስፈልጋል። ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች «ድምፄም ስላይዱም በደንብ የደረሳችሁ ቻት ላይ 1 ጻፉ፤ አንዱ የጎደለባችሁ 2 ጻፉ» ይበሉ። ይህ ቴክኒኩን ከመፈተሹም በላይ የሰዎቹን ጣት ያፍታታል። ከዚያ በኋላ ከ5 እስከ 7 ባለው ደቂቃ ልዩነት በቁጥር የሚመለስ አንድ ጥያቄ ይኑር። በሪፖርታችን ሦስቱ ወረዳዎች ላይ ሲደርሱ፦ «በእናንተ አካባቢ ዋናው እንቅፋት ምን ነበር? ትራንስፖርት ከሆነ 1፣ የግብዓት መዘግየት ከሆነ 2፣ ሌላ ከሆነ 3።» ጥያቄው ስላይድ ላይም ተጽፎ ይታይ፤ ድምፅ የተቆረጠበት ሰው ያነበዋል። ከዚያ በልብዎ እስከ አስር ይቁጠሩ። ለእርስዎ ረጅም ነው፣ ለሚጽፈው ሰው አይበዛም።

መልሱን ቁጠሩት። ከ25 ሰው 18ቱ ከጻፉ ሥራው እየሄደ ነው። በመጀመሪያው ጥያቄ 20 ጽፈው በሦስተኛው 8 ብቻ ከጻፉ ግን ወይ ድምፅዎ ተበላሽቷል ወይ ገለጻው ከብዷቸዋል። የትኛው እንደሆነ የሁለተኛው መሣሪያ ስክሪን ይነግርዎታል፤ እዚያ ምስሉ በጊዜው እየደረሰ ከሆነ ችግሩ ከእርስዎ መስመር ላይሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ ቆም ብለው ያለፈውን በሌላ ቃል ይድገሙት።

በቃል እንዲናገር የሚፈልጉት ሰው ካለ አስቀድመው ያስጠንቅቁት፦ «ከዚህ ስላይድ በኋላ የዞን እቅድ ክፍልን እጠይቃለሁ።» በድንገት የተጠራ ሰው ማይኩን ሲፈልግ ደቂቃ ይሄዳል፣ ሳያስበውም ያፍራል። ሌላም ነገር አለ። የመምሪያው ኃላፊ በተገኘበት ስብሰባ ላይ «አልገባኝም» ብሎ በሁሉም ፊት የሚጽፍ ባለሙያ ጥቂት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባ ቻቱን እንዲከታተል ይመደብና ተሳታፊዎች ለእሱ ብቻ በግል እንዲጽፉ ይነገራቸው። እሱ የጠያቂውን ስም ሳይጠራ «አንድ ጥያቄ መጥቷል» ብሎ ያነባል። በሕዝብ ቻት ያልመጣው ጥያቄ በዚህ በኩል ይመጣል።

«ካሜራቸውን ካላስከፈትኩ አይከታተሉም»

የተከፈተ ካሜራ የሚከታተል ሰው ምልክት አይደለም፤ የሚያልቅ ዳታ ምልክት ግን ነው። ዙም ራሱ በሚሰጠው ግምት ድምፅ በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቢት ይፈልጋል፣ ስክሪን ሼር ብቻውን ከ50 እስከ 75። ጥራት ያለው ቪዲዮ ግን ለሁለት ሰው ጥሪ እንኳ ወደ 600 ይደርሳል። ስለዚህ በሞባይል ዳታ ያለን ሰው ካሜራ ክፈት ማለት ድምፁን እንዲቆራረጥበት መጋበዝ ነው። የእርስዎ ካሜራ በመግቢያውና በጥያቄ ሰዓት ይከፈት፤ መሀል ላይ ድምፅዎ ከተቆራረጠ መጀመሪያ የሚዘጋው እሱ ነው።

«በአዳራሽ አንድ ሰዓት የፈጀው እዚህም አንድ ሰዓት ይፈጃል»

ነፃውን ዙም ከሆነ የሚጠቀሙት 40 ደቂቃ ላይ ይቋረጣል። ባይቋረጥም የጥያቄዎቹ ጥበቃ፣ የስላይድ መዘግየቱና ዘግይቶ የሚገባው ሰው ጊዜ ይበላሉ። የአንድ ሰዓቱን ገለጻ ወደ 25 ደቂቃ ንግግር ያውርዱት፣ 10 ደቂቃ ለቻቱ፣ ቀሪዋ 5 ለመግቢያና ለሚያጋጥም ነገር ትሁን። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፤ ዋይፋዩ ግን አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ የስልክዎ ሆትስፖት አስቀድሞ ከላፕቶፑ ጋር ተገናኝቶ የተሞከረ ይሁን። ቻቱን የሚከታተለው ባልደረባም የስላይዱ ቅጂ በእጁ ይኑር፤ ዙሙ የሚከፈልበት ከሆነና ኮ-ሆስት ካደረጉት እርስዎ ቢወጡ እሱ ከነበሩበት ስላይድ ይቀጥላል።