በጉግል የግዢ ማስታወቂያ ሳይሸጡ በጀት የሚበሉ ዕቃዎች

በጉግል የግዢ ማስታወቂያ ነጋዴው በቁልፍ ቃላት አይጫረትም። መርቸንት ሴንተር ወደተባለው አገልግሎት ፊድ የሚባል የዕቃ ዝርዝር ይልካል፤ ዝርዝሩ የእያንዳንዱን ዕቃ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ መግለጫ፣ ዋጋ፣ ፎቶና በመጋዘን መኖር አለመኖሩን የያዘ ሲሆን፣ ለየትኛው ፍለጋ የትኛው ዕቃ እንደሚታይ የሚወስነው ጉግል ነው። ነጋዴው የሚከፍለው ዕቃው ስለታየ ሳይሆን ሸማቹ ስለነካው በመሆኑ፣ ብዙ ሰው እየነካው ማንም የማይገዛው ዕቃ ገንዘብ ይጨርሳል።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመለየት የተለመደው መንገድ የ30 ቀን ሪፖርት በመለያ ቁጥር አውጥቶ፣ ወጪ ኖሮባቸው ሽያጭ የሌላቸውን መሰረዝ ነው። መንገዱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በጀርመን ጫማ የሚሸጥ አንድ መደብር ለምሳሌ ያህል እናስብ፦ 1,200 ዓይነት ዕቃ አለው፣ በወር 3,000 ዩሮ ለማስታወቂያ ያወጣል፣ ለአንድ ጠቅታ በአማካይ 0.40 ዩሮ ይከፍላል፣ ከ100 ጠቅታም 2 ሽያጭ ያገኛል። ይህ ማለት አንድ ሽያጭ 50 ጠቅታ፣ በገንዘብ ደግሞ 20 ዩሮ ይፈጃል። አንድ ቦት ጫማ 45 ጠቅታ አግኝቶ ምንም ባይሸጥ ነጋዴው ይደነግጥ ይሆናል፤ ነገር ግን እንደ ሌሎቹ በደህና የሚሸጥ ዕቃም ቢሆን በ45 ጠቅታ ሳይሸጥ የመቅረት ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ነው። 160 ጠቅታ ላይ ሲደርስ ግን ይህ ዕድል ወደ 4 በመቶ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ መጠርጠር ተገቢ ነው። ስሌቱም አንድ ጠቅታ ሳይሸጥ የሚቀርበትን ዕድል፣ ማለትም 0.98ን፣ በጠቅታዎቹ ቁጥር ልክ በራሱ ማባዛት ብቻ ነው። ሰው ዛሬ ነክቶ ከሳምንት በኋላ ሊገዛ ስለሚችልም የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቀናት ከሪፖርቱ ማስቀረት ይበጃል።

ትልቁ ኪሳራ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ማጣሪያ አይያዝም። በምሳሌያችን መደብር ከ10 በታች ጠቅታ ያገኙ 700 ዕቃዎች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው የበሉት ሳንቲም ስለሆነ በሪፖርቱ ግርጌ ተረስተው ይቀራሉ፤ ሲደመሩ ግን 2,500 ጠቅታና 1,000 ዩሮ ናቸው። ከእነዚህ በተናጠል አንዱንም መፍረድ አይቻልም፤ የሚቻለው በዓይነት ወይም በዋጋ ሰብስቦ መመልከት ነው። የሕፃናት ጫማዎቹ ተለይተው ሲደመሩ 1,400 ጠቅታ፣ 560 ዩሮ ወጪና 11 ሽያጭ ቢያሳዩ፣ ከአንዱ ጫማ የሚገኘው ትርፍ 7 ዩሮ ከሆነ ጠቅላላው ትርፍ 77 ዩሮ ብቻ ነው። በ7 ዩሮ ትርፍ ወጪን ለመሸፈን በየ17 ጠቅታው አንድ ጫማ መሸጥ ያስፈልጋል፤ ይህ መደብር በአማካይ የሚሸጠው ግን በየ50ው ነው። ስለዚህ ችግሩ የአንዱ ወይም የሌላው ጫማ ሳይሆን በዚያ ዋጋ ጠቅታ መግዛቱ ራሱ ነው።

ዕቃውን ከማገድ በፊት ምክንያቱን መፈለግ ተገቢ ነው። ጫማው በፊዱ ላይ አለ ተብሎ የቀረው ግን 36 ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ገጹን የሚከፍቱት አብዛኞቹ ሸማቾች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የፊዱ እንጂ የጫማው አይደለም። ርዕሱ «ቦት» ብቻ ብሎ የወንድ ይሁን የሴት፣ የክረምት ይሁን የዝናብ ሳይናገር ሲቀር ማስታወቂያው ለማይመለከተው ፍለጋ ይቀርባል። ዋጋው ከሌሎች ሻጮች ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ርዕስ ማሳመር ብዙም አይረዳም።

ተጣርተው የተለዩትን ዕቃዎች ምልክት ለማድረግ ዋናውን ፊድ መነካካት አያስፈልግም፤ መለያ ቁጥርና አንድ ምልክት ብቻ የያዘ ተጨማሪ ፊድ ይበቃል።

```
id,custom_label_0
SH-1042,pause
SH-1107,pause
```

በዚህ ምልክት ዕቃዎቹን በማስታወቂያ ዘመቻው ውስጥ ለብቻ ለይቶ ማገድ ወይም ለጠቅታ ዝቅተኛ ዋጋ ወደሚከፈልበት ሌላ ዘመቻ ማዛወር ይቻላል። በ`excluded_destination` ላይ `Shopping_ads` ብሎ መጻፍም ሌላ አማራጭ ነው፤ ያን ጊዜ ዕቃው ከሚከፈልበት ማስታወቂያ ወጥቶ በነፃ ዝርዝሮች ላይ መታየቱን ሊቀጥል ይችላል። ሸማቹ የነካው አንዱን፣ የገዛው ግን ሌላውን ሊሆን እንደሚችልም ማስታወስ ያሻል፤ ሪፖርቱ ሽያጩን የሚመዘግበው ለተነካው ዕቃ በመሆኑ፣ ራሱ የማይሸጥ ጫማ ለሌላው ደንበኛ እያመጣ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ሽያጭ ያልተመዘገበለት ዕቃ ይህን ያህል ውለታ የለውም፤ የነኩት ሰዎች ሌላም ነገር አልገዙም ማለት ነው። በጽዳቱ ሁሉ ውስጥ ሊነካ የማይገባው መለያ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ከተለወጠ ጉግል ዕቃውን እንደ አዲስ ስለሚቆጥረው የእስካሁኑ መረጃ ከአዲሱ ቁጥር ጋር አይቀጥልም።