የመርከብ ሬዲዮ ቁጥር የመጀመሪያ 3 ዲጂቶች እና የባንዲራዋ አገር

ባህር ላይ ያሉ መርከቦችን በካርታ የሚያሳዩ አፖችን ከፍታችሁ የምታውቁ ከሆነ ከመርከቧ ስም ጎን ትንሽ ባንዲራ አይታችኋል። የሚገርመው ያ ባንዲራ ከመርከቧ አይላክም፣ ኤአይኤስ የሚባለው መርከቦች ማንነታቸውንና ቦታቸውን የሚያሰራጩበት ሲስተም ውስጥ "ባንዲራ" የሚባል መረጃ ጭራሽ የለም። አፑ ባንዲራውን የሚያወጣው ከሬዲዮ መለያ ቁጥሯ ነው፣ ኤምኤምኤስአይ ይባላል፣ 9 ዲጂት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ 3ቱ ሚድ ይባላሉ እና የተመዘገበችበትን አገር የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ሚዱን ለየአገሩ የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ሲሆን የቀሩትን 6 ዲጂቶች አገሩ ራሱ ለመርከቦቹ ያድላል።

በስዊዝ ካናል ላይ ተሰንቅራ የቀረችውን ኤቨር ጊቭንን እንይ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2021 ለ6 ቀን ካናሉን የዘጋችው ማለቴ ነው። ቁጥሯ 353136000 ነበር። የመጀመሪያው 3 የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ እና የካሪቢያን ቀጠና መሆኑን ይነግረናል (2 አውሮፓ፣ 4 እስያ፣ 6 አፍሪካ፣ 7 ደቡብ አሜሪካ እያለ ይሄዳል)፣ 353 ሙሉው ደግሞ ፓናማ ነው። በቃ ፓናማ። ጎኗ ላይ በትልቁ የተጻፈው ኤቨርግሪን የታይዋን ድርጅት ነው፣ ባለቤቷ የጃፓን ኩባንያ ነው፣ ሰራተኞቹ ህንዳውያን ነበሩ፣ የተሰነቀረችው ደግሞ ግብፅ ውስጥ ነው፣ ከነዚህ ውስጥ አንዱም ቁጥሩ ላይ አይታይም። የጃፓን ቢሆን 431 ወይ 432 ብሎ ይጀምር ነበር። ስለዚህ ሚዱ የሚመልሰው ጥያቄ "መርከቧ የማን ናት" ሳይሆን "የየትኛው አገር መዝገብ ላይ ናት፣ በማን ህግ ትመራለች" የሚለውን ነው፣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

ብዙ መርከብ የሚመዘግብ አገር አንድ ኮድ አይበቃውም። ፓናማ ከ351 እስከ 357 እና ከ370 እስከ 374 አላት፣ ላይቤሪያ 636 እና 637፣ ማርሻል ደሴቶች 538።

ሁሌም የመጀመሪያዎቹን 3 ማየት ግን አያስኬድም። ደንቡ የሚሰራው ከ2 እስከ 7 ባለው ዲጂት ለሚጀምር ቁጥር ነው፣ የመርከብ ቁጥር እንደዛ ነዋ። በ00 ከጀመረ የባህር ዳርቻ ጣቢያ ነው፣ ሚዱ ከሁለቱ ዜሮ በኋላ ይመጣል፣ ለምሳሌ 003669999 ላይ አገሩን የሚናገረው 366 ነው፣ አሜሪካ። በ970 የሚጀምር ካያችሁ ደግሞ አገር አትፈልጉለት፣ ለአደጋ ጊዜ ከሚበራ ማስተላለፊያ የመጣ ነው።

ትልቁ ችግር የሚመጣው መርከቧ ባንዲራ ስትቀይር ነው። ፓናማ የነበረች መርከብ ተሸጣ ላይቤሪያ ስትመዘገብ 353ቱ ይቀርና አዲስ በ636 ወይ በ637 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣታል፣ ግን ቁጥሩ በራሱ አይቀየርም፣ ቴክኒሻን መጥቶ ኤአይኤሱ ላይ፣ ቪኤችኤፍ ሬዲዮው ላይ፣ ሌሎቹም ላይ እየዞረ ማስገባት አለበት፣ አንዱን ከረሳ አንዲት መርከብ በሁለት አገር ስም ታወራለች ማለት ነው። እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ አንደኛ አይኤምኦ ቁጥሯን ማየት ነው፣ እሱ ከመርከቧ አካል ጋር አብሮ የሚኖር ስለሆነ ባንዲራም ስምም ቢቀየር አይለወጥም (የኤቨር ጊቭን 9811000 ነው)። ሁለተኛ የሬዲዮ መጠሪያዋ፣ እሱም የአገር ምልክት አለው፣ የማርሻል ደሴቶች በV7 ይጀምራል፣ የላይቤሪያ ብዙ ጊዜ በA8 ወይ በD5። ሚዱ 538 ሆኖ መጠሪያው በD5 ከጀመረ አንዱ ስህተት ነው፣ ወይ የተረሳ ወይ ሆን ተብሎ የተጻፈ፣ ምክንያቱም ኤአይኤስ መሳሪያው የተሞላለትን ነው የሚያሰራጨው፣ መዝገብ ሄዶ አያረጋግጥም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ኢፐርብ የሚሉት ነው፣ መርከቧ ስትሰምጥ ብቻውን ተንሳፍፎ በሳተላይት የድረሱልኝ ጥሪ የሚልከው። እሱም ውስጥ ያው ባለ 3 ዲጂት የአገር ኮድ አለ። ጥሪው ሲደርስ ነፍስ አድን ማዕከሉ ኮዱን አይቶ "ይቺ መርከብ ማን ናት፣ ስንት ሰው ይዛለች፣ ለማን እንደውል" ብሎ የዛን አገር መዝገብ ይጠይቃል። የድሮው ኮድ ካልተቀየረ ጥያቄው መርከቧን ካሰናበተ አገር ይደርሳል፣ እዛ ያለው ስልክ የድሮው ባለቤት ነው፣ እሱም ሸጫታለሁ ይላል፣ ያ ሁሉ ሲሆን ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ናቸው። ለዚህ ነው መርከብ ስትሸጥ ኢፐርቡ እንደገና ኮድ ተደርጎለት በአዲሱ አገር መመዝገብ ያለበት፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ባለ 15 ፊደልና ቁጥር መለያም አብሮ መቀየር አለበት።