የማለቢያ ባልዲና የመናጫ ቅል አጠባ በጎጃም

ጎጃም ውስጥ አንድ ሁለት ላም ባለው ቤት ወተት የሚያልፍባቸው ዕቃዎች ብዙ አይደሉም። ማለቢያ ባልዲ፣ ማቆያ ጣሳ ወይም ጀሪካን፣ መናጫ ቅል። ወተቱ ቶሎ ሲበላሽ ሰው ላሟን ወይም ሙቀቱን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ትናንት "ታጥቧል" በተባለው ባልዲ ውስጥ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ባልዲው ግርጌ አንድ የሻይ ማንኪያ ወተት፣ 5 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ቀርቶ አደረ እንበል። ሲነጋ ጎምዝዟል፤ እንዲህ ባለ ወተት በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ባክቴሪያ ቢገኝ አይገርምም። ባጠቃላይ 500 ሚሊዮን ሆነ ማለት ነው። ጠዋት 5 ሊትር ሲታለብበት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100,000 ይደርሰዋል። ከጤነኛ ጡት የወጣ ወተት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሺህ አይበልጥም። ቅሪቱ ሳይታሰብ እርሾ ሆነ ማለት ነው።

አጠባው የሚበላሸው ገና ከመጀመሪያው ነው። ወተት የነካው ዕቃ ላይ በቀጥታ የፈላ ውሃ ከተደፋበት ፕሮቲኑ በስሎ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ እንቁላል መጥበሻ ላይ እንደሚይዘው። ስለዚህ ታልቦ እንዳለቀ፣ ሳይደርቅ፣ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይለቅለቃል። ከዚያ እጅ በጭንቅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ ይፈተጋል። ስቡን የሚያነሳው ሙቀቱና ሳሙናው ነው። በሽቦ መፈተግ ግን ፕላስቲኩን ይጭረዋል፤ ጭረቱም ለባክቴሪያ ጎጆ ነው። ሳሙናው ተለቅልቆ ከጠራ በኋላ ተራው የመግደያው ነው።

ለአሉሚኒየም ጣሳ የፈላ ውሃ ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ወተት የሚያጎመዝዙትን ባክቴሪያዎች ለመግደል አያንስም። ዋናው ነገር ቶሎ አለመድፋት ነው። ውሃው ጣሳው ውስጥ ተሽከርክሮ ክዳኑ ተከድኖ 5 ደቂቃ ይቆይ። በረኪና አሉሚኒየምን ስለሚበላ ለፕላስቲክ ባልዲ ቢቀር ይሻላል። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለ10 ሊትር ንጹህ ውሃ 40 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ይጨመራል። ጥቂት ደቂቃ ነክቶት ይደፋል። ቆሻሻ ላይ ግን ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል፤ በረኪና ፍተጋን አይተካም። በክረምት የደፈረሰ የወንዝ ውሃም ለመጨረሻው ለቅለቃ አይሆንም፤ የታጠበውን መልሶ ይበክለዋል። በመጨረሻ ዕቃው ቆጥ ላይ ተደፍቶ ይደርቃል። በጨርቅ መወልወል የለም። ያ ጨርቅ ምን ምን እንደጠረገ እናውቃለን!

ዳንግላ አካባቢ የማውቃቸው አንዲት እናት የማታ ወተታቸው እየተመለሰባቸው ተቸግረው ነበር። ወተት መረከቢያው ላይ ለመፈተሽ እኩል መጠን አልኮል ሲጨመርበት ይቋጠራል። የጠዋቱ ግን ያልፋል። ይህ ልዩነት ራሱ ፍንጭ ነው፤ የጡት በሽታ ቢሆን የጠዋቱም በተቸገረ ነበር። "እኔማ በፈላ ውሃ ነው የማጥበው" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። የጠዋቱ የሚሄደው በባልዲው ነው፣ የማታው ግን ጣሳ ውስጥ ያድራል። ጣሳው ውስጡ ያበራል። ክዳኑን ተከድኖ ካደረበት ከፍቼ ሳሸተው ግን የቆየ አይብ ሸተተኝ። የክዳኑን ጎማ በማንኪያ ጫፍ ስናወጣው ከሥሩ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ተጋግሯል። ከዚያ ወዲህ ጎማው በየቀኑ ወጥቶ ለብቻው ይታጠባል፤ ወተቱም መመለሱ ቀረ።

ከማሽተት ሌላ ውሃም ይናገራል። በንጹህ ግድግዳ ላይ ውሃ እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ይወርዳል፤ ስብ ባለበት ግን ጠብ ጠብ እያለ ይንጠለጠላል። ሲደርቅ ነጣ ያለ ሻካራ ቅርፊት ከታየ የወተት ድንጋይ ነው። ሳሙና አይነካውም፤ ሎሚ ተቀብቶ ጥቂት ቆይቶ ቢፈተግ ይለቃል።

መናጫ ቅሉ ሌላ ጠባይ አለው። ቀዳዳዎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ እንደ ብረት አይጸዳም፣ ደግሞም እርጎ የሚያረጋው ባክቴሪያ እዚያው መቅረቱ የሚፈለግ ነው። በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ ደርቆ በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ባክቴሪያን ያዳክማል፤ ለቅቤውም መዓዛ ይሰጠዋል። ነገር ግን የሚሠራው በታጠበና በደረቀ ቅል ላይ ነው፤ ስብ ላይ ሲታጠን ሽታውን ብቻ ይሸፍናል። እርጎው የሚመር ወይም አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ያልተፈለገ ባክቴሪያ ወይም እርሾ ገብቷል። ውስጡ የተሰነጠቀ ቅል ደግሞ በማጠን አይድንም፤ ለእህል ማስቀመጫ ይሁን።