የዋጋ ጣሪያ፦ ሰልፉ ከየት ይመጣል?

የዋጋ ጣሪያ ማለት መንግሥት ለአንድ ዕቃ «ከዚህ በላይ እንዳይሸጥ» ብሎ የሚቆርጠው ዋጋ ነው። ጣሪያው ከገበያው ዋጋ በላይ ከሆነ ማንም ልብ አይለውም። ነገር የሚበላሸው ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ገዢው ብዙ ይፈልጋል፣ አምራቹ ግን የሚያቀርበውን ይቀንሳል።

ቬኔዙዌላን እንይ። መንግሥት በ2003 እ.ኤ.አ. በበቆሎ ዱቄት፣ በሩዝ፣ በወተትና በመሳሰሉት ላይ ጣሪያ አወጣ። ድሃው በልቶ እንዲያድር ታስቦ ነው፤ ሐሳቡን አልንቅም። ግን ግሽበቱ የማምረቻ ወጪን ሲያንር ጣሪያው ባለበት ይቆማል። ጣሪያው ተራውን ነጭ ሩዝ እንጂ ጣዕም የተጨመረበትን አይነካም ነበር። ፋብሪካዎቹም ወደዚያ ዞሩ። በ2009 መንግሥት ወታደር ልኮ የሩዝ ፋብሪካዎችን እስከ መቆጣጠር ደረሰ። ኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅና ለሸቀጥ ማስገቢያ የሚሆን ዶላር ሲጠፋ እጥረቱ ባሰ።

ሰልፉ የመጣው እንዲህ ነው። የአንድ ኪሎ ዱቄት ጣሪያ 30 ነው እንበል። ዱቄቱ ጥቂት ስለሆነ ሰው ተሻምቶ እስከ 70 ይከፍልበታል። የ40ው ልዩነት የትም አይጠፋም፣ በሰዓት ይከፈላል። በሰዓት 10 የሚያገኝ ሰው አራት ሰዓት ከቆመ ዱቄቱ 70 ገባው ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ተጨማሪው 40 በገንዘብ ቢከፈል ኖሮ አምራቹ ጋ ደርሶ ሌላ ዱቄት ያመጣ ነበር። ቆሞ የባከነው ሰዓት ግን ለማንም አይደርስም።

ቬኔዙዌላውያን ሳይነጋ ይሰለፉ ነበር። ተራ ቁጥራቸው ክንዳቸው ላይ የተጻፈባቸውም ነበሩ። የመግዣ ቀን በመታወቂያ የመጨረሻ ቁጥር ተደለደለ። በጣሪያው ዋጋ ገዝተው በብዙ እጥፍ የሚቸረችሩ ሰዎች በዙ። በቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ስም «ባቻኬሮ» ተባሉ፤ ሸቀጡን እየተሸከሙ ድንበር አሻግረው ወደ ኮሎምቢያ የሚወስዱም ነበሩ።

እንግዲህ የተጠቀመው ጊዜ ያለው፣ ባለሱቁን የሚያውቅ፣ ወይም መልሶ የሚሸጥ ነው። የቀን ሠራተኛው ሰልፍ ከዋለ ደሞዙ ይቀርበታል። መቆም የማይችለው አዛውንት ደግሞ ከቸርቻሪው በውድ ይገዛል። ገበሬውም በኪሳራ አያመርትም።

ጣሪያ ሁልጊዜ እጥረት ያመጣል ማለት ግን አይደለም። ሻጩ አንድ ብቻ ሆኖ ዋጋ ሲቆልል፣ ወጪውን የሚሸፍን ጣሪያ አቅርቦት ሳይቀንስ ዋጋ ሊያወርድ ይችላል። መንግሥት ልዩነቱን ለአምራቹ ከከፈለም ዕቃው ሊገኝ ይችላል፤ ያኔ ሸክሙ ወደ በጀት ይዞራል።

ቬኔዙዌላ በ2019 ቁጥጥሩን ስታላላ መደርደሪያዎች ቀስ በቀስ ሞሉ። በደሞዛቸው ለሚኖሩ ብዙዎች ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።