ክሩ 50 ካለ፣ አንግሉ 40 ነው

ብዙዎቻችሁ የሕንፃ ቁመት ስትለኩ የምትሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ክሩ ያረፈበትን ቁጥር ራሱን አንግሉ አድርጋችሁ ስትወስዱ። መሣሪያው ቀላል ነው፦ ፕሮትራክተር፣ በቀጥታው ጠርዙ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ስትሮ፣ ከመሃሉ የተንጠለጠለ ክር፣ ጫፉ ላይ ብሎን።

ስትሮው አግድም ሲሆን ክሩ 90 ላይ ያርፋል። ስለዚህ የሕንፃውን ጫፍ በስትሮው ስታዩ ክሩ 50 ካሳየ፣ ሽቅብ ያያችሁበት አንግል 90 ሲቀነስ 50፣ ማለትም 40 ዲግሪ ነው። ሁሌም ከ90 ያለውን ልዩነት ውሰዱ።

መስቀል አደባባይ አካባቢ ካለ ሕንፃ ግድግዳ 40 ሜትር ርቃችሁ ቆማችሁ እንበል። የ40 ዲግሪ ታንጀንት 0.839 ነው። በ40 ሜትሩ ርቀት ሲባዛ 33.6 ሜትር ይመጣል። ግን ይህ ከዓይናችሁ በላይ ያለው ብቻ ነው! ዓይናችሁ ከመሬት 1.6 ሜትር ከሆነ፣ ሕንፃው 35.2 ሜትር ነው።

ስሌቱ አይለወጥም፤ የሚለያየው ንባቡ ነው። ነፋስ ክሩን ካወዛወዘው አንድ ዲግሪ መሳት ቀላል ነው፤ እዚህ ርቀት ላይ ያቺ ዲግሪ 1.2 ሜትር ገደማ ታዛባለች። እኔ ክሩ ሲረጋ በጣቴ ጫን አድርጌ ይዤ ነው የማነበው።

የዓይን ቁመት መደመር የሚሠራው ግን መሬቱ ሜዳ ሲሆን ነው። ቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ላይ እንዲሁ ብትደምሩ ትሳሳታላችሁ።