የተሻሻለው ውስጣዊ የትርፍ ምጣኔ እና የመልሶ ኢንቨስትመንት ግምቱ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለባንክ ብድር የሚዘጋጅ የአዋጭነት ጥናት ውስጥ አይአርአር የሚባል አንድ በመቶኛ አይጠፋም። ውስጣዊ የትርፍ ምጣኔ ማለት ነው፤ ፕሮጀክቱ ወደፊት የሚያስገባው ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋው ሲመለስ ከመነሻው ወጪ ጋር እኩል የሚሆንበት የወለድ መጠን። ኤምአይአርአር የዚሁ የተሻሻለ ስሌት ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው በመሃል የገባው ገንዘብ የት ይውላል የሚለው ነገር ነው።

ለምሳሌ ያህል በተሰሉ ቁጥሮች እንየው። አንድ ሰው 1,000,000 ብር አለው፤ አማራጩም ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይቶ የእህል ወፍጮ መትከል ሲሆን፣ ለሦስት ዓመት በየዓመቱ መጨረሻ 500,000 ብር የተጣራ ገቢ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ዋጋ የለውም እንበል። ሁለተኛው ኩታበር ላይ ያልደረሰ ባሕር ዛፍ በቁሙ ገዝቶ መጠበቅ ነው፤ ዛፉ በሦስተኛው ዓመት ሲቆረጥ 1,878,000 ብር ያወጣል፣ እስከዚያ ግን ሳንቲም አያስገባም። የሁለቱም አይአርአር 23.4 በመቶ ነው። ጥናቱን በዚያ ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው ልዩነት አያይባቸውም።

የወፍጮው 23.4 በመቶ ከየት መጣ? ወፍጮውን እንደ ተበዳሪ ቁጠሩት። በመጀመሪያው ዓመት በ1,000,000 ብሩ ላይ 233,750 ብር ወለድ ያስባል፤ 500,000 ሲከፍል 733,750 ይቀርበታል። በሁለተኛው ዓመት ዕዳው ወደ 405,264 ይወርዳል፣ በሦስተኛው ያልቃል። እንግዲህ አይአርአር ትርፍ የሚያስበው ወፍጮው ውስጥ በቀረው ገንዘብ ላይ ብቻ ነው፤ ወጥቶ ኪስ የገባው ምን እንደሠራ አይጠይቅም። ብዙ መማሪያዎች “አይአርአር ገቢው በዚያው ምጣኔ መልሶ ይሠራል ብሎ ይገምታል” ይላሉ። በጥብቅ ካየነው ስሌቱ ራሱ እንዲህ ያለ ግምት አያስፈልገውም። ግምቱ የሚገባው “ሚሊዮን ብሬ ሦስቱን ዓመት ሙሉ በ23.4 በመቶ አደገ” ስንል ነው፤ ያ እውነት እንዲሆን እያንዳንዱ 500,000 ብር በወጣ ማግስት ሌላ 23.4 በመቶ የሚያስገኝ ሥራ ማግኘት አለበት። ሐይቅ ላይ ሁለተኛ ወፍጮ ቢተከል ግን የመጀመሪያውን ደንበኛ ነው የሚሻማው።

ኤምአይአርአር ይህን ግምት አውጥቶ በግልጽ ያስቀምጠዋል። የወፍጮው ገቢ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ባንክ ይገባል ብንል፣ የመጀመሪያው 500,000 በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 572,450፣ ሁለተኛው 535,000 ይሆናል፤ የመጨረሻው ባለበት ይቆያል። ድምሩ 1,607,450 ብር ነው። 1,000,000 ብር በሦስት ዓመት ወደዚህ የሚያድገው በዓመት 17.1 በመቶ ነው። ባሕር ዛፉ ግን በመሃል የሚያወጣው ገንዘብ ስለሌለ 23.4 በመቶው ንቅንቅ አይልም። ወደ 270,000 ብር የሚጠጋው የመጨረሻ ልዩነት በአይአርአር አይታይም ነበር።

ታዲያ 7 በመቶ ትክክለኛው ነው? የግድ አይደለም። ወፍጮ ባለቤቱ ገቢውን በግ ገዝቶ ለበዓል የሚያደልብበት ከሆነ፣ ከዚያ በእርግጥ የሚያገኘውን ነው ማስገባት ያለበት። ምጣኔውን ከፍ ባደረግነው ቁጥር ኤምአይአርአር ወደ አይአርአር ይጠጋል፤ ስለዚህ ጥናት ውስጥ ኤምአይአርአር ሲታይ አብሮት የተወሰደው ምጣኔ ካልተጻፈ ቁጥሩን ማመን ያስቸግራል። ደግሞም 17.1 በመቶው የወፍጮው ብቻ አይደለም፣ የባንኩም ድርሻ አለበት።

በኤክሴል መነሻ ወጪው በመቀነስ ምልክት A1 ላይ፣ የሦስቱ ዓመት ገቢ ደግሞ ከA2 እስከ A4 ከገባ በኋላ ሁለቱ እንዲህ ይጻፋሉ፦

```
=IRR(A1:A4)
=MIRR(A1:A4, 15%, 7%)
```

15 በመቶው የብድር ወለድ ነው፣ 7 በመቶው የመልሶ ኢንቨስትመንቱ፤ ቅደም ተከተላቸው እንዳይገለባበጥ። የባሕር ዛፉ ገቢ የሌላቸው ዓመታት ላይ 0 መጻፍ ያስፈልጋል። ባዶ ከተተዉ ኤክሴል ይዘላቸውና ሦስቱን ዓመት እንደ አንድ ዓመት ቆጥሮ 87.8 በመቶ ያወጣል። እንዲህ ያለ የተጋነነ ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው።

የብድር ወለዱ እላይ ባሉት ምሳሌዎች ለውጥ አያመጣም፤ ወጪያቸው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነውና። ሥራው የሚታየው ወጪ መጨረሻም ላይ ሲመጣ ነው፤ ያን ወጪ ወደ ዛሬ ዋጋው የሚመልሰው እሱ ነው። ኮምቦልቻ አካባቢ ድንጋይ የሚያወጣ ሰው 100,000 ብር አውጥቶ በዓመቱ 230,000 ቢያገኝ፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ጉድጓዱን ለመሙላት 132,000 ቢያወጣ፣ አይአርአሩ 10 በመቶም 20 በመቶም ነው፤ ሁለቱም ስሌቱን ያሟላሉ። ብድሩ 15 በመቶ ቢሆን የትኛው ጋር ይወዳደር? ኤምአይአርአር በ15 በመቶ የብድር ወለድና በ7 በመቶ የመልሶ ኢንቨስትመንት ምጣኔ አንድ መልስ ብቻ ይሰጣል፤ ወደ 11 በመቶ።